ደመወዝ፣ የኪስ ገንዘብ ወይስ በነጻ? ኢንተርንሺፕ ከመቀበል በፊት ከደሴና ከኮምቦልቻ የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፣ ከደሴ ሆጤ፦ እትዬ፣ በአካውንቲንግ ዘንድሮ ተመርቄያለሁ። ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ ድርጅት ለሦስት ወር ኢንተርን ሁኚ፣ በወር 3,000 ብር የኪስ ገንዘብ እንሰጥሻለን ብሎኛል። አንድ ፋብሪካ ደግሞ ያለ ክፍያ ሊቀበለኝ ፈቅዷል፤ እርሱ ሰርቪስና ምሳ አለው። የመጀመሪያው ጋ በራሴ ስሄድ ደርሶ መልስ 100 ብር፣ ምሳ 80 ብር አወጣለሁ። መቼም ገንዘብ ያለበት ይሻላል አይደል?

መልስ፦ ልጄ፣ ብዙ ዓመት በፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ስለሠራሁ ይህን ጥያቄ ከብዙ ተመራቂ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ በወረቀት ላይ እናስላው። በሳምንት ስድስት ቀን ከሆነ ወሩ 26 የሥራ ቀን ገደማ ይኖረዋል። ትራንስፖርትሽ 2,600 ብር፣ ምሳሽ 2,080 ብር፣ በድምሩ 4,680 ብር ይሆናል። እነርሱ 3,000 ብር ይሰጡሻል፤ 1,680 ብር በየወሩ ከቤት ትጨምሪያለሽ። በሦስት ወር 5,040 ብር ነው። ያለ ክፍያ የሚቀበልሽ ፋብሪካ ግን የሐረጎን ቁልቁለት በሰርቪስ አውርዶ ማታ ከመለሰሽና ምሳ ከሰጠሽ፣ ከኪስሽ የሚወጣው ከቤት እስከ ሰርቪሱ ማቆሚያ ያለው ብቻ ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ቦታ ነው እንግዲህ የበለጠ የሚያስወጣሽ።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ስትወጪ የምትይዢው ደብዳቤ። የሥራ ማስታወቂያዎችን ልብ ብለሽ ካነበብሽ፣ ብዙዎቹ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ «የሥራ ግብር የተከፈለበት» መሆኑ እንዲገለጽ ይጠይቃሉ። በፔሮል ላይ ስምሽ ኖሮ፣ ከደመወዝሽ ግብርና ጡረታ እየተቆረጠ ከሠራሽ ይህን የሚል ደብዳቤ ይጻፍልሻል። በጥቃቅን ወጪ ማዘዣ ላይ እየፈረምሽ የኪስ ገንዘብ ከወሰድሽ ግን ደብዳቤው «በተለማማጅነት ቆይታለች» ብቻ ይላል። ያለ ክፍያ የቆየ ተለማማጅ የሚያገኘውም ይህንኑ ነው። በዚህ በኩል የኪስ ገንዘብና በነጻ መሥራት ልዩነት የላቸውም፤ የሚለየው ደመወዝ ነው።

ስለዚህ 3,000 ብር ላቀረበው ድርጅት አንድ ጥያቄ አቅርቢለት፦ «ገንዘቡ በፔሮል ይከፈላል ወይስ በአበል መልክ?» በፔሮል ከሆነ ከኪስሽ የምትጨምሪው 5,040 ብርና ከዚያም ላይ የሚቆረጠው ግብርና ጡረታ ምናልባት ዋጋ ይኖረው ይሆናል፤ የሦስት ወር ልምድ ተቆጥሮልሽ ትወጫለሽና። በአበል ከሆነ ወደ ፋብሪካው ሂጂ እልሻለሁ፤ ያውም ሥራው እውነተኛ ሥራ ከሆነ። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ የዕቃ ካርድ መከታተል፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ በራስሽ እጅ መመዝገብ ካለበት ሦስት ወሩ ጥሩ ነው። ፎቶ ኮፒና ፋይል መደርደር ብቻ ከሆነ ሰርቪሱም ምሳውም አይክሰውም።

ጥያቄ፣ ከዚያው ጠያቂ፦ በደመወዝ የሚቀጥሩ ቢኖሩስ ምን ያህል ይቆርጡብኛል? 5,000 ብር ቢሉኝ ለምሳሌ?

መልስ፦ በ2017 መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ ይቆረጥበታል፣ 300 ብር። ከ4,000 በላይ ያለው 1,000 ብር ደግሞ 20 በመቶ፣ 200 ብር። ግብርሽ 500 ብር ሆነ። የሠራተኛ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ስለሆነ 350 ብር ይጨመራል። እጅሽ የሚገባው 4,150 ብር ነው። አሠሪው ለጡረታሽ በራሱ በኩል 11 በመቶ ያዋጣል። «ጡረታ አንቆርጥብሽም፣ ሙሉውን እንሰጥሻለን» የሚል ቅጥር ሲያጋጥምሽ ውለታ አድርገሽ አትቁጠሪው፤ እነርሱም የእነርሱን 11 በመቶ ቀረላቸው ማለት ነው።

አስተያየት፣ ከኮምቦልቻ፦ በነጻ የሚባለው ነገር ሕገ ወጥ ነው። ሕጉ ዝቅተኛ ደመወዝ አስቀምጧል፤ ከዚያ በታች ማሠራት አይቻልም። ለምን ይህን አትነግሪያትም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። በግል ድርጅት ላይ የሚሠራ አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለንም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም በር ከፍቷል እንጂ ቁጥር አላስቀመጠም። ልክ የሆንክበት ሌላው ነው፤ አንድ ሰው በአሠሪ ትእዛዝ ሥር ሆኖ እንደማንኛውም ሠራተኛ ካመረተ፣ «ኢንተርን» የሚል ደብዳቤ ስለያዘ ብቻ ሠራተኛ አይደለም ማለት አይቻልም። የትምህርትና የሥልጠና ውል በአብዛኛው ከአዋጁ ውጪ ነው፤ ሥልጠናው የት ቆሞ ሥራው የት ጀመረ የሚለው ግን በየጉዳዩ የሚያከራክር ነው። ሰልጣኙ ሲሠራ የሚያየው አሰልጣኝ አለ? ወይስ የሌለ ሠራተኛ ፈረቃ ሸፍኖ ይውላል? እኔ የማየው ይህን ነው። ዳኛ በዚህ ብቻ ይወስናል ብዬ ግን አልምልልህም።

ጥያቄ፣ ከደሴ ፒያሳ፦ የእኔም ኢንተርንሺፕ ነበር። አንድ መደብር ውስጥ ሁለት ወር ለሙከራ ነው ብለው ያለ ደመወዝ አሠሩኝ፣ ከዚያ አልሆንከንም ብለው አሰናበቱኝ። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ያንተ ጉዳይ ኢንተርንሺፕ አይደለም፣ የሙከራ ጊዜ ነው፤ እንዲያውም የተሻለ መሠረት አለህ። በሙከራ ላይ ያለ ሰው በሕጉ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ ይከፈለዋል። ሙከራውም ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። አሠሪው በሙከራ ጊዜ ካልተስማማኸው ሊያሰናብትህ ይችላል፤ የሠራህበትን ግን ሊያስቀርብህ አይችልም። ሳትዘገይ ወደ ከተማው ሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ሂድና አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያዩትን ጠይቅ። ያልተከፈለ ደመወዝ መጠየቂያ ጊዜው 6 ወር ብቻ ስለሆነ ቀኑን ቁጠር። የገባህበትን ቀን የሚያሳይ ማንኛውንም ነገር፣ የስልክ መልእክትም ቢሆን፣ አትሰርዝ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፦ እኔ የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ተማሪ ነኝ። ለኢንተርንሺፕ የምንወጣው የግድ ስለሆነ ክፍያ አልጠብቅም። ታዲያ የምጠይቀው ነገር አለኝ?

መልስ፦ አለህ፤ ያንተ ነገር ከተመራቂዋ ይለያል። ለአንተ ክፍያው ነጥቡና ትምህርቱ ነው፤ ስለዚህ በነጻ መሆኑ አይከፋኝም። የመጀመሪያ ጥያቄህ ስለ አደጋ ይሁን፦ «የፋብሪካው የአደጋ መድን ተለማማጆችን ይጨምራል?» በጽሑፍ አሳየኝ በል። ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ኃላፊነት አለበት፤ ተማሪ ግን ደመወዝ መዝገብ ላይ ስለሌለ ፋብሪካው «የዩኒቨርሲቲው ነው»፣ ዩኒቨርሲቲው «የፋብሪካው ነው» ሊባባሉ ይችላሉ። የፋብሪካው መድን ካላካተተህ ከመውጣትህ በፊት ወደ ኢንዱስትሪ ትስስር ክፍላችሁ ሄደህ ማን እንደሚሸፍንህ በደብዳቤ አስመልስ። የደህንነት ጫማና ጓንት ማን እንደሚያቀርብም እዚያው ጠይቅ። ማሽን ሳይቆም ጨርቅ እየጎተተ እንዲያጸዳ የታዘዘ ተማሪ አይቻለሁ። ለዚያ ዓይነት ሥራ «አላውቅም፣ አሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ማን እንደሚገመግምህ ነው። በስሙ የተመደበ መሐንዲስ ከሌለ መዝገብህን የሚፈርመው በመጨረሻው ሳምንት የሚገኘው ሰው ይሆናል፤ እርሱ ደግሞ ምን እንደሠራህ አያውቅም። በየሳምንቱ አስፈርም። ከግቢ ውጪ ስለምትቆይ የምግብ ገንዘብ ይታሰብልህ እንደሆነም የኢንስቲትዩትህን ፋይናንስ ጠይቅ፤ ይህ ከፋብሪካው ጋር አይገናኝም።

አስተያየት፣ አነስተኛ ማምረቻ ያላቸው፣ ከኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ ልጆቹን ጠያቂ አደረግሻቸው። እኔ ተለማማጅ ስቀበል ሠራተኛዬ ግማሽ ቀን ያስተምራል፣ የሚበላሸው ዕቃም የእኔ ነው። በዚያ ላይ ደመወዝ ክፈል ከተባልኩ አንድም አልቀበልም።

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነት ነው፤ የመጀመሪያው ወር ለድርጅቱ ኪሳራ ነው። ለዚህም ነው በነጻ የሚደረገውን ሁሉ የማላወግዘው። የሚያሳስበኝ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ነው። ልጅቱ ለብቻዋ ደረሰኝ እየቆረጠች፣ ንብረት እየተረከበች ከሆነ እያስተማሯት አይደለም፤ እየሠራችልዎት ነው። የመጀመሪያውን ወር በነጻ፣ ከዚያ በኋላ በደመወዝ ብለው ቢጽፉላት ለእርስዎም ጥሩ ሠራተኛ ያስቀርልዎታል።

የእርሳቸው መልስ፦ ንብረት አላስረክብም። የቀረውን አስብበታለሁ እንጂ አልተስማማሁም።

ጥያቄ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ፦ ይህን ሁሉ ስጠይቅ «ገና ሳትገቢ» ብለው ቢያባርሩኝስ? እንዴት ብዬ ልናገር?

መልስ፦ ሁሉንም በአንድ ቀን አትዘርዝሪው። መጀመሪያ ስለ ሥራው ጠይቂ፦ የትኛው ክፍል ነኝ፣ ማን ያሠራኛል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ሠራተኛው በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ከሆነ ተለማማጅ ከዚያ በላይ የሚቆይበት ምክንያት የለም። ተቀብለንሻል ሲሉሽ ደግሞ «ለቤተሰብ ማሳየት ስላለብኝ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉልኝ» በይ፤ የመነሻና የማብቂያ ቀን፣ የሚከፈለው መጠንና የክፍያው መንገድ፣ ስትጨርሺ የሚሰጥሽ ማስረጃ ይኑርበት። ማብቂያ ቀን የሌለው ልምምድ አትቀበይ። «ጎበዝ ከሆንሽ እንቀጥርሻለን» የሚለውን ደግሞ በአክብሮት «ባለፈው ዓመት ከገቡት የቀጠራችኋቸው አሉ?» ብለሽ መልሺ። ሰው ካለ ስሙን ይጠሩልሻል፤ ሄደሽ አነጋግሪው።

ጥያቄ፣ እናት፣ ከሐይቅ፦ ልጄ ኮምቦልቻ ቦታ አገኘሁ ብሎ 4,000 ብር የማስመዝገቢያ ክፈይልኝ አለኝ። የዲግሪውን ዋናም ይፈልጉታል አሉ። ልስጠው?

መልስ፦ እናቴ፣ አይስጡት። ለልምምድ ቦታ ገንዘብ የሚቀበል ቀጣሪ የሚያስተምር ቀጣሪ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ደላላው እንጂ ድርጅቱ ስለ ነገሩ አያውቅም። ልጁ ራሱ ወደ ድርጅቱ በር ሄዶ የሰው ኃይል ክፍሉን ያነጋግር። የዲግሪውን ዋና አሳይቶ ኮፒውን ይስጣቸው፣ ዋናውን ግን እጁ ላይ ይዞ ይመለስ።