ሳይንና ኮሳይን በፓወር ሲሪዝ፦ ስንት ተርም ይበቃል?

የአንደኛ ዓመት ተማሪ፦ የ10 ዲግሪን ሳይን ለማግኘት x − x³/6 ላይ 10 አስገባሁ። −156.67 አለኝ! ፎርሙላው ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ፎርሙላው ጤነኛ ነው። አንተ ያስገባኸው ግን 10 ራዲያን ነው። ሲሪዙ የቆመው ዜሮ አካባቢ የ x ሳይን ራሱን x ያህላል በሚለው ነገር ላይ ነው፣ ይህ ደግሞ በራዲያን ብቻ ነው የሚሠራው። የ1 ዲግሪ ሳይን 0.01745 ገደማ ነው እንጂ ወደ 1 አይጠጋም።

ስለዚህ መጀመሪያ 10ን በ π አባዛና ለ180 አካፍል፣ 0.1745329 ታገኛለህ። የዚህ ኩብ ለ6 ሲካፈል 0.0008861 ነው። ስትቀንሰው 0.1736468 ይቀርሃል። ካልኩሌተሩ 0.1736482 ይልሃል። በሁለት ተርም ብቻ እስከ አምስተኛው አሃዝ ገጠመ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ለመያዝ ቀላሉ መንገድ ይኸው ያንተ −156 ነው። ሳይን ከ−1 እና ከ1 ውጭ ከወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲግሪው ነው።

ለፈተና የምታጠና፦ ስንት ተርም ልደምር? ሁልጊዜ በግምት ነው የምጽፈው።

መልስ፦ የተውሽውን የመጀመሪያ ተርም እዪው፣ እሱ ራሱ ይነግርሻል። ሲሪዙ ምልክቱን እየቀያየረ ይሄዳል፣ አንዴ መደመር አንዴ መቀነስ። ተርሞቹ እያነሱ እስከሄዱ ድረስ ስህተትሽ ከተውሽው የመጀመሪያ ተርም አይበልጥም።

በ0.5 እንሞክረው። x ብቻ ብትወስጂ 0.5 ነው። x³/6 ማለት 0.0208333 ነው፣ ሲቀነስ 0.4791667 ይሆናል። x⁵/120 ደግሞ 0.0002604፣ ሲደመር 0.4794271። እዚህ ላይ አቁሚና ቀጣዩን ተርም፣ x⁷/5040ን፣ ሳትደምሪ አስሊው። 0.00000155 ነው። እውነተኛው መልስ 0.4794255 ነው፣ ልዩነቱም 0.0000015 ገደማ። ገደቡን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

አቅጣጫውንም ታውቂያለሽ። የተውሽው ተርም የሚቀነስ ስለሆነ መልስሽ ከእውነተኛው ትንሽ ይበልጣል። ፈተናው «እስከ አራት አሃዝ» ካለ፣ ከ0.00005 ያነሰ ተርም እስኪመጣ መደመር ነው። እዚህ ሦስት ተርም በቂ ነው። መልስሽ ግን ቁጥሩ የሚጠጋጋበት ድንበር ላይ ከወደቀ፣ ለጥንቃቄ አንድ ጨምሪ።

ሌላ ጠያቂ፦ ኮሳይንስ?

መልስ፦ ያው ነው። 1 − x²/2 ብለህ ካቆምክ ስህተትህ ከ x⁴/24 አይበልጥም። x³ የሚባል ተርም ስለሌለ አንድ ደረጃ በነጻ ታገኛለህ።

ፕሮግራመር፦ ይህ ሁሉ ለትንሽ x ብቻ ነው። ሲሪዙ ዜሮ አጠገብ ካልሆነ አይሠራም። ኮድ ጽፌ በ50 ሞከርኩት፣ ከ1 በእጅጉ የሚበልጥ ቁጥር ሰጠኝ።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። በሒሳብ ደረጃ ሲሪዙ ለማንኛውም x ይሠራል። ፋክቶሪያሉ በመጨረሻ ማንኛውንም ፓወር ይቀድማል። የተበላሸብህ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

x = 50 ሲሆን ተርሞቹ መጀመሪያ ይገዝፋሉ። ትልቁ 2.9 × 10²⁰ ገደማ ይደርሳል። የኮምፒውተርህ ተራ ፍሎት እዚያ ቁመት ላይ በአንድ ቁጥርና በቀጣዩ መካከል ያለው ክፍተት 32768 ነው። ከ1 የማይበልጥ መልስ በዚህ መስፈሪያ ትፈልጋለህ። መኪና በሚመዝን ሚዛን ቁንጥጫ ጨው እንደመመዘን ነው። ተርም ብትጨምርም አይረዳህም፣ ጥፋቱ ቀድሞ ገብቷል።

መፍትሔው ወደ ዜሮ መመለስ ነው። ከ50 ላይ 16π፣ ማለትም ስምንት ሙሉ ዙር፣ ቀንስ። −0.2654825 ይቀርሃል። የዚህ ሳይን ከ50 ሳይን ጋር አንድ ነው። አሁን ሦስት ተርም ደምር፦ −0.2654825 + 0.0031186 − 0.0000110። ውጤቱ −0.2623749 ነው፣ ላይብረሪህም ይህንኑ ይሰጥሃል። ስለዚህ «ዜሮ አጠገብ» ያልከው ለስሌት ሲባል እውነት ነው፣ ለሲሪዙ ግን ገደብ አይደለም።

የፊዚክስ መምህር፦ እኔ ተማሪዎቼን ፔንዱለሙን ከ20 ዲግሪ በላይ አታወዛውዙ እላለሁ። ሲሪዙ ከ20 ዲግሪ በኋላ ይሰበራል ማለት ነው?

መልስ፦ አይሰበርም፣ መምህር። እርስዎ የሚጠቀሙት የመጀመሪያውን ተርም ብቻ ነው፣ ሳይኑን በ x ተክተው። የሚተዉት x³/6 ስለሆነ፣ ስህተቱ ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር x²/6 ያህል ነው። 1 በመቶ የሚደርሰው 14 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በ20 ዲግሪ 2 በመቶ ይሆናል። ድንገት የሚለወጥበት ቦታ የለም። ገደቡን የሚወስነው ምን ያህል ስህተት እንደሚታገሱ ነው።

አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የመወዛወዣው ጊዜ ስህተት ከዚህ ያነሰ ነው፣ x²/16 ገደማ። በ20 ዲግሪ 0.8 በመቶ እንኳ አይሞላም። በእጅ ስቶፕዎች የሚለካ ተማሪ ልዩነቱን ላያየው ይችላል። ስለዚህ 20 ማለትዎ አይከፋም፣ ምክንያቱ ግን ሲሪዙ ስለቆመ አይደለም።

ፕሮግራመሩ እንደገና፦ እሺ፣ ዜሮ አጠገብ ሁሉ ነገር ሰላም ነው ካልክ ይህን አስረዳኝ። መልሱ 0.5 መሆን ነበረበት፣ 0.0 ይለኛል።

```python
import math
x = 1e-8
print((1 - math.cos(x)) / x**2)
```

መልስ፦ ጥሩ ያዝከኝ። እዚህ ዜሮ መቅረቡ ራሱ ነው ጠላቱ። የዚህ x ኮሳይን ከ1 የሚያንሰው በ5 × 10⁻¹⁷ ነው። ፍሎቱ ይህን መያዝ ስለማይችል ልክ 1.0 አድርጎ ያጠጋጋዋል። ከዚያ 1 ሲቀነስ 1 ዜሮ ነው።

ሲሪዙን በወረቀት ላይ ብትጽፈው ግን 1 ከ1 ጋር ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ ይጣፋል። የሚተርፈው 1/2 − x²/24 ነው። እሱን አስላ፣ 0.5 ይመጣል። ሲሪዝ መጻፍ ካልፈለግክ `2*math.sin(x/2)**2` በ1 − cos x ቦታ ተካ፣ ያው ነው። ትንሽ x ላይ ተቀራራቢ ቁጥሮችን የምትቀንስበት ቦታ ሁሉ ይህን ፍራ።

የፊዚክስ መምህሩ፦ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። ሲሪዙን ለማውጣት የሳይን ደሪቬቲቭ ኮሳይን መሆኑን እንጠቀማለን። ለዚያ ደግሞ sin x / x ወደ 1 መሄዱን። ከዚያ በሲሪዙ sin x / x ወደ 1 ይሄዳል ብለን እናሳያለን። ክብ አይደለም?

መልስ፦ እንደዚያ ከቀረበ ክብ ነው። አንደኛው መውጫ sin x / x ን ከክብና ከሦስት ማዕዘን ስፋት ማረጋገጥ ነው፣ ከዚያ ሲሪዙ ይከተላል። ሌላው ሲሪዙን ራሱን የሳይን ፍቺ ማድረግ ነው። ያኔ ክቡ ይጠፋል፣ ግን ይህ ነገር የሦስት ማዕዘኑ ሳይን መሆኑን ለብቻ ማረጋገጥ ይኖርብዎታል። እኔ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ለፈተና የምታጠናዋ፦ እኛ ያስተማሩን ሁለተኛውን ነው፣ እኔም እሱ ይቀለኛል።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ሦስት ማዕዘኑን የት ጥለሽው?

ለፈተና የምታጠናዋ፦ ምዕራፍ አምስት ላይ ይመጣል ተብሏል። እስካሁን አልደረስንም።