ከመሳቢያው በቀን ስንት ትወስዳለህ?

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የነጋዴ ሂሳብ ስሠራ ኖሬያለሁ። ትንሽ ሱቅ ለከፈታችሁ አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

አራት ኪሎ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ወጣት መጣ። "ጋሼ፣ ሽያጬ አልቀነሰም፤ መደርደሪያዬ ግን እየሳሳ ነው። የጅምላ ሻጮቹ ዱቤም በየወሩ ይጨምርብኛል" አለኝ። ሠራተኛውን ጠርጥሮ ነበር።

ቁጭ ብለን አሰላነው። በወር 180,000 ብር ይሸጣል። የዕቃው መግዣ 144,000 ነው። ከቀረው 36,000 ላይ ኪራይ 14,000፣ የሠራተኛ ደመወዝ 6,000፣ መብራትና ሌላ ሌላው 2,000 ይወጣል። ግብር ሳንቆጥር 14,000 ይተርፈዋል። "ከመሳቢያው በቀን ስንት ትወስዳለህ?" አልኩት። አያውቀውም። ለአንድ ሳምንት በደብተር ጻፈ፦ ምሳ፣ ታክሲ፣ የሞባይል ካርድ፣ እድር፣ የቤት አስቤዛ። በቀን በአማካይ 700 ብር ወጣ፤ በወር 21,000። ሱቁ ከሚያተርፈው በላይ 7,000 ብር ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የሚመጣው ከዕቃ መግዣው ነው። ሠራተኛው ምንም አልነካም።

ለራሱ በወር 9,000 ብር ደመወዝ መደብን። ከባድ ነበር፤ ከእናቱ ጋር ተነጋግረው የቤቱን ወጪ ቀነሱ። ቀሪው 5,000 ለግብር እና ለዕቃ ሱቁ ውስጥ ይቀራል።

ከዚያ የሱቁን ገንዘብ ከግሉ ለመለየት ወደ ባንክ ሄደ። ንግድ ፈቃዱን፣ የንግድ ምዝገባውን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና ፋይዳውን ይዞ። ባንኩ ቼክ ያለው ተንቀሳቃሽ ሂሳብ እንዲከፍት ጠየቀው። እኔ ግን መጀመሪያ አቅራቢዎችህ ክፍያ እንዴት ነው የሚቀበሉህ አልኩት። ሁሉም በሞባይል ዝውውር ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ ቼክ አያስፈልገውም። ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ፣ እኛ ደረቅ ቼክ የምንለው፣ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ልምድ ለሌለው ሰው አደገኛ ነው። ለሱቁ ብቻ የሚሆን የቁጠባ ሂሳብ ከፈተ። ወለድ አለው፣ ገንዘቡንም በስልኩ ያያል። ቼክ የሚቀበል ትልቅ አቅራቢ ሲያገኝ ያኔ ተንቀሳቃሹን ይጨምራል።

ደንበኞች ቴሌብር የሚልኩት ግን አሁንም በግል ቁጥሩ ነበር። ይህ ቀዳዳ ካልተደፈነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የነጋዴ ቴሌብር አወጣና የግል ቁጥሩን የጻፈበትን ወረቀት ከግድግዳው ላይ አነሳ።

አንድ ነገር አትሳሳቱ። ሂሳብ መለየት ከዕዳ አያድንም። የግለሰብ ነጋዴ ከሆናችሁ የሱቁ ዕዳ በቤታችሁም ንብረት ላይ ይመጣል።

ከሦስት ወር በኋላ ሄጄ አየሁት። ዱቤው ቀንሷል። ደብተሩን ስገልጥ ግን ከሱቁ ለእህቱ የወሰዳቸው ስድስት ደብተሮች አልተመዘገቡም። "ዕቃ እኮ ነው፣ ጋሼ፣ ብር አልወሰድኩም" አለኝ። አሁን እነሱንም በመግዣ ዋጋቸው ከደመወዙ ላይ ይቀንሳል።