ላሟ ስንት ሊትር ስትሰጥ ነው ገንዘቤ የሚመለሰው?

ጥያቄ፦ «አንዲት የወተት ላም ገዝቼ ጋጥ ልሠራ አስቤአለሁ። ሁለቱ በድምሩ 180,000 ብር ይፈጃሉ። አንድ ሊትር ወተት በ50 ብር እሸጣለሁ፤ የተቀናበረው መኖ በሊትር 25 ብር ያስወጣኛል። ለድርቆሽ፣ ለጉልበትና ለሕክምና በዓመት 30,000 ብር አወጣለሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ላሟን 60,000 ብር እሸጣታለሁ። የብድሩ ወለድ 15 በመቶ ነው። አንድ የሒሳብ ሰው ‹በዓመት 2,160 ሊትር ከሸጥክ አትከስርም› አለኝ። እኔ 3,300 ሊትር እጠብቃለሁ። ልክ ነው? ወለዱስ እስከ ስንት ቢደርስ ያዋጣኛል?»

መልስ፦ የሒሳብ ሰውየው የደረሰበት መንገድ ይገባኛል። ከ180,000 ላይ 60,000 ቀንሶ ቀሪውን ለአምስት ሲያካፍል በዓመት 24,000 ብር ያገኛል። የ30,000 ብሩን ወጪ ጨምሮ 54,000 ሲሆን፣ ከሊትር በሚተርፈው 25 ብር ሲያካፍለው 2,160 ይወጣል። ስሌቱ ስሕተት የለበትም፤ የጎደለው ጊዜ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ብር ዛሬ ከሚከፍሉት ብር ጋር እኩል ቆጥሮታል። ወለድ እየከፈሉ በዚያ መጠን ከሸጡ፣ በዛሬ ዋጋ ወደ 70,000 ብር ይከስራሉ።

የሚፈለገው የተጣራ የአሁን ዋጋ ዜሮ የሚሆንበት የሽያጭ መጠን ነው፤ ይኸውም ወደፊት የሚገባው ገንዘብ ሁሉ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ ዛሬ ከወጣው ጋር ልክ ሲተካከል ማለት ነው። በ15 በመቶ ወለድ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚገኝ 1 ብር ዛሬ 0.497 ብር ነው። ስለዚህ የላሟ መሸጫ 60,000 ብር ዛሬ 29,820 ብር ብቻ ይሆናል። ወተቱ መሸፈን ያለበት ቀሪው 150,180 ብር ነው። ለአምስት ዓመት በየዓመቱ መጨረሻ የሚገባ 1 ብር ደግሞ ዛሬ በጠቅላላው 3.352 ብር ያወጣል። 150,180ን ለ3.352 ስናካፍል በየዓመቱ ወደ 44,800 ብር መትረፍ አለበት። ቋሚውን 30,000 ብር ስንጨምር 74,800፣ ለ25 ስናካፍል 2,992 ሊትር። ከተነገርዎት በ832 ሊትር ይበልጣል።

ወለዱን በተመለከተ፣ ሽያጩን 3,300 ሊትር ላይ አቁመን ምጣኔውን እናንቀሳቅስ። በዚህ መጠን በዓመት 52,500 ብር ይተርፋል። በ20 በመቶ ብንሞክር የተጣራው የአሁን ዋጋ 1,100 ብር ገደማ ትርፍ ያሳያል፤ በ21 በመቶ ደግሞ ከ3,000 ብር በላይ ኪሳራ። ስለዚህ ዜሮው በሁለቱ መካከል፣ ወደ 20 በመቶው ተጠግቶ ይገኛል። ኮምፒውተር ላይ ኤክሴል ካለ ይህ ይበቃል፦

```
=RATE(5,52500,-180000,60000)
```

ውጤቱ 20.3 በመቶ ያህል ነው። የብድሩ ወለድ ከዚህ በታች እስከሆነ ድረስ ያዋጣል። ግን 20.3 የሚለው ቁጥር የተንጠለጠለው በ3,300 ሊትሩ ላይ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ላም በዓመት የምትሰጠው ወተት የሚወሰነው በዕለቱ ልክ ብቻ ሳይሆን ከአንዱ ወሊድ እስከ ቀጣዩ በሚያልፈው ጊዜም ጭምር ነው። በየዓመቱ የምትወልድ ላም 305 ቀን ያህል ስትታለብ፣ 2,992 ሊትር ለመሙላት በቀን በአማካይ 9.8 ሊትር ይበቃል። በየ15 ወሩ ከሆነ የምትወልደው ግን፣ በደረቀችበት ጊዜም ወጪው ስለማይቆም፣ ያንኑ ዓመታዊ መጠን ለማግኘት በእያንዳንዱ የአለባ ወቅት 3,740 ሊትር፣ በቀን 12.3 ሊትር ያስፈልጋል። ኮርማ መፈለጓን የሚያሳየው ምልክት አንዴ ካመለጠ የሚመለሰው ከ21 ቀን በኋላ ገደማ ስለሆነ፣ መዘግየቱ ሳይታወቅ ይጠራቀማል። ጠዋትና ማታ መመልከት የሚገባውም ለዚህ ነው። ጥጃው የሚጠባው ወተትም ከሚሸጠው ላይ መቀነሱን አይርሱ። የጥጃውን ዋጋ ከስሌቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሚያድግ ከሆነ መጠነኛ ማካካሻ ይሆናል።

ሻጩ «በቀን 15 ሊትር ትሰጣለች» ቢልዎት፣ ይህ ብዙውን ጊዜ ከወለደች ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የሚታየው ከፍተኛው መጠን ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። በወተት ላሞች ዘንድ ከፍተኛውን የቀን መጠን በ200 ማባዛት ለሙሉው የአለባ ወቅት ቀረብ ያለ ግምት ይሰጣል። ባለ15 ሊትሯ ላም 3,000 ሊትር ትሰጣለች ማለት ነው፤ በየዓመቱ ብትወልድ እንኳ ከዜሮው ነጥብ በ8 ሊትር ብቻ ትበልጣለች። በየ15 ወሩ ከሆነ የምትወልደው፣ ከፍተኛው መጠኗ 19 ሊትር ገደማ መሆን አለበት። ስለዚህ ሻጩን ከፍተኛውን መጠን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ወሊዶች ቀንም ይጠይቁት።