«20 በመቶው ያንቺ ነው» ከተባልኩ ባለድርሻ ነኝ?

ጥያቄ፦ «ጓደኛዬ የጭነት ማመላለሻ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለው። 400,000 ብር በባንክ ሂሳቡ አስገባሁለትና ‹20 በመቶው ያንቺ ነው› አለኝ። በየወሩ 5,000 ብር ይልክልኛል። ድርሻ አለኝ ማለት ምን ማለት ነው? ብንጣላ አንዱን መኪና መውሰድ እችላለሁ?»

መልስ፦ አይችሉም። መኪናው የጓደኛዎም አይደለም። ማኅበሩ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ስለሆነ ንብረቱም ዕዳውም የራሱ ነው። ባለድርሻ በስብሰባ ድምፅ ይሰጣል፣ ሂሳብ ያያል፣ ትርፍ እንዲከፋፈል ሲወሰን ድርሻውን ይቀበላል። ማኅበሩ ሲፈርስም ከዕዳ የተረፈውን ይካፈላል። ንብረቱ ተሸጦ 5 ሚሊዮን ብር ቢያወጣና 3 ሚሊዮን ዕዳ ቢኖርበት፣ 20 በመቶው የሚታሰበው ከቀሪው 2 ሚሊዮን ነው፤ 400,000 ብር ይደርስዎታል። ዕዳው ከበለጠ ምንም አይደርስዎትም፤ ግን በመርህ ደረጃ የማኅበሩ አበዳሪዎች የእርስዎን ቤት አይነኩም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በእርግጥ ባለድርሻ ከሆኑ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ፊርማ አንዲት ቃል አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር ያሳሰበኝም ይኸው ነው። እህቴ፣ ይህን ያህል ብር ያለ ወረቀት እንዴት ይሰጣሉ? ብሩ የገባው በጓደኛዎ የግል ሂሳብ ከሆነ ለማኅበሩ ያዋጡት ነገር የለም። ሌላው ቢቀር ድርሻው በጽሑፍ መተላለፍ፣ አባላቱ መስማማታቸው በቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የመመሥረቻ ጽሑፉ ተሻሽሎ በሰነዶች ማረጋገጫ መጽደቅና በንግድ መዝገብ መግባት ነበረበት። ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ያለው ውል በጽሑፍ ካልሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1720 መሠረት እንደ ረቂቅ ብቻ ይቆጠራል።

«ቢያንስ ብድር ነው ብዬ አስመልሳለሁ» እንዳይሉ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው (ቁጥር 2472)። የባንክ ወረቀቱ ብሩ መተላለፉን እንጂ ለምን እንደተላለፈ አይናገርም።

ወርሃዊዋ 5,000 ብርም አታዘናጋዎት። ትርፍ የሚታወቀው የዓመቱ ሂሳብ ተዘግቶ፣ የሚከፋፈለውም አባላቱ ሲወስኑ ነው። በየወሩ እኩል የሚላክ ገንዘብ ነገ «ዕዳዬን ስከፍላት ነበር» ለማለት ይመቻል።

አሁን ግንኙነታችሁ ሰላም ሳለ ይንቀሳቀሱ። በሥራ ላይ ያለውን የመመሥረቻ ጽሑፍና የማሻሻያዎቹን ቅጂ ይጠይቁት፤ ስምዎና የድርሻዎ መጠን ካልተጻፈበት በሕግ ፊት አባል አይደሉም። የባንክ ማስረጃዎችዎን በማኅተም ያውጡ። ስለ ድርሻው የተጻጻፋችሁትን የስልክ መልእክት አንዱንም አያጥፉ። ከዚያ ሁሉንም ይዘው ሰነዶቹን በዓይኑ የሚያይ ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ያላየሁትን ሰነድ ልተረጉም አልችልም። እስከዚያው ድረስ ገንዘብ አይጨምሩ። የሚቀጥለው 5,000 ብር ሲገባም ለምን እንደተላከ በጽሑፍ እንዲገልጽልዎ ይጠይቁት።