የመጋፈጥ ልምምዱ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይጀመር፦ ለወጣት የቡድን ሕክምና አወያዮች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በቅርቡ ከእናንተ አንዷ ማኅበራዊ ጭንቀት ላለባቸው አዋቂዎች የምታዘጋጁትን የቡድን ሕክምና መመሪያ ረቂቅ ይዛ አራት ኪሎ ወደሚገኘው ቢሮዬ መጥታ ነበር። «ጋሼ፣ የመጋፈጥ ልምምዱን ወደ ሰባተኛው ሳምንት ብናዘገየው ምን ይመስልዎታል? ሰዎቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ይላመዱ፣ ስለ ጭንቀትም በደንብ ይወቁ ብለን ነው» አለችኝ። አይሆንም፣ ሰው የሚፈራውን ነገር በቡድኑ ፊት በተግባር የሚሞክርበት ልምምድ ይህን ያህል ሊዘገይ አይገባም ብዬ ምክንያቱን ባጭሩ ነገርኳት፤ ከሄደች በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ከልቤ ያልወጣች አንዲት ሴት ትዝ አለችኝና ይህን ደብዳቤ ለሁላችሁም ልጽፍ ወሰንኩ።

ሴትዮዋ (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ) በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማትችል ሌላ ተሳፋሪ እስኪወርድ ትጠብቅና አብራው ወርዳ ወደ ቤቷ በእግሯ ትመለስ ነበር፤ ይህንን የነገረችኝም ለቡድኑ ከመመረጧ በፊት ለብቻዋ ባነጋገርኳት ዕለት፣ ዐይኗን ከወለሉ ሳታነሣ ነው። ያሠራን የነበረው ተቋም የሰጠን መመሪያ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ለትምህርት የመደበ ነበር። እሷ አንድም ቀን አልቀረችም። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የምንናገረውን ሁሉ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ደብተሯ ላይ ታሰፍር ነበር፤ ስለ ጭንቀት ዑደት ብትጠየቅ ከኛ አሳምራ ማስረዳት እንደምትችል እርግጠኛ ነኝ፤ ነገር ግን ማንም አልጠየቃትም። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዱ ሰው በቡድኑ ፊት ልምምድ እንደሚያደርግ ተነገረ። ደብተሯን ዘጋች፣ ሁላችንንም በትሕትና ተሰናበተች፣ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ስልክ ብንደውልም አታነሣም።

ጉዳዩን ደጋግሜ ሳስበው፣ ስድስቱ ሳምንታት ያስተማሯት ነገር ቢኖር በቡድን ውስጥ አንገት ደፍቶ መጻፍ እንደሚቻል ነው። ደብተሩ መሸሸጊያ ሆኖላት ነበር። ከዚህም በላይ፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ልምምዱን ከሳምንት ሳምንት ሲያስተላልፉት የምታይ ሰው ነገሩ በእርግጥም የሚያስፈራ ቢሆን ነው ብላ ብትደመድም አይፈረድባትም። መላመድ የሚመጣው አብሮ ከመጋፈጥ እንጂ አብሮ ከመቀመጥ አይደለም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሪቻርድ ሃይምበርግና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበሩት የቡድን ሕክምና ይህን በሚገባ የተረዳ ነው። ስድስት ያህል ተሳታፊዎችና ሁለት አወያዮች በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ተኩል ይገናኛሉ፤ ይህም ለ12 ሳምንታት ይቀጥላል። በመጀመሪያው ሳምንት ትውውቅ፣ የምሥጢር ጥበቃ ስምምነት፣ የጭንቀት አሠራር ማብራሪያና የየአንዳንዱ ሰው ግብ ይቀርባሉ፤ በሁለተኛው ጭንቀትን የሚቀሰቅሱ ሐሳቦችን መለየትና መፈተሽ ይለማመዳሉ። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ያለው ጊዜ በአብዛኛው የልምምድ ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይደርሳቸዋል። አሥራ ሁለተኛው ለመጨረሻ ልምምድ፣ ለግምገማና ለስንብት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናታቸው ትምህርትና መደጋገፍ ብቻ የሚሰጥበት ቡድንም ለውጥ እንዳሳየ፣ ልምምድ ያለበት ቡድን ግን የበለጠ እንደተሻሻለ አሳይተዋል። ረቂቃችሁ ሳታውቁት ወደ መጀመሪያው ቡድን እያዘነበለ ነው።

ልምምዱ እንዴት እንደሚጻፍ ልንገራችሁ፤ ረቂቃችሁ በዚህ ላይ ያለው አንድ አንቀጽ ብቻ ነውና። የዛሬ ወጣቶች ስለ አእምሮ ጤና ያለ እፍረት መናገራችሁ ያኮራኛል፤ ይሁን እንጂ የሠንጠረዡን ቀለም ለማሳመር የምታጠፉትን ጊዜ ለዚህ ብታውሉት እመርጣለሁ።

በኋላ በመራሁት ቡድን ውስጥ፣ እንግዳ ፊት ቡና መቅዳት የሚያስጨንቀው ሰው ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጀበናና ሲኒ አቀረብን። መጀመሪያ ምን ይሆናል ብሎ እንደሚያስብ ጠየቅነው፤ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አምስቱም ያያሉ፣ ጠጪ ነው ይሉኛል» አለ። ይህ ቃል በቃል ተጻፈ፣ ምክንያቱም በኋላ የሚፈተነው እሱ ነው። ቀጥሎ ግብ አወጣን። «ሳልንቀጠቀጥ እቀዳለሁ» የሚል ግብ አይጠቅምም፤ መንቀጥቀጥ በሰው ፈቃድ የሚታዘዝ ነገር አይደለም፣ ሊያስቀረው በታገለ ቁጥርም ይብስበታል። የጻፍነው ግብ አምስት ሲኒ ሞልቶ መቅዳት፣ ለየሰዉ በእጅ መስጠትና እያንዳንዱን አንድ ነገር መጠየቅ የሚል ነበር፤ መፈጸሙን ሁሉም ሰው በዐይኑ ሊያይ ይችላል።

ከዚያ መሸሸጊያ ልማዶቹን ፈለግን። ሲኒውን በግማሽ ይቀዳል፣ ረከቦቱ ላይ ትቶ «አንሡ» ይላል፣ ቀኝ እጁንም በግራው ይደግፋል። የመጨረሻው አከራከረን፣ ምክንያቱም በኛ ዘንድ ክንድን ደግፎ መስጠት አክብሮት ነው። በዚህ ጊዜ የሚለየው ጥያቄ «ይህን ብትተወው ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። «ነውር ይሆናል» ካለ ወግ ነው፤ «እጄ ሲንቀጠቀጥ ያዩኛል» ካለ መሸሸጊያ ነው። እሱ ሁለተኛውን መለሰ፤ እኩዮቹ ስለነበሩም ሳይደግፍ እንዲሰጥ ተስማማን።

ልምምዱ አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። በየደቂቃው የጭንቀቱን ልክ ከ0 እስከ 100 ባለው መለኪያ እንጠይቀው ነበር፤ በ75 ጀምሮ ሁለተኛው ሲኒ ላይ 85 ደረሰ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ በ45 ጨረሰ። 85 ላይ ሳለ አብራኝ የምትመራው ወጣት አወያይ «አይዞህ» አለችው፤ ወዲያው ቀና ብሎ እሷን ማየት ጀመረ። ከልቧ ያለችው ነው፣ ባህላችንም ያዛል፤ ግን በዚያ ቅጽበት የሚነግረው አደጋ እንዳለና የሚያድነው ሰው እንደሚያስፈልገው ነው። በመመሪያው ላይ በግልጽ ጻፉት፦ ልምምድ ሲካሄድ አወያይ አያጽናናም፣ ቁጥሩን ጠይቆ ዝም ይላል።

ሲያበቃ የተጻፈውን ግምት አንብበን አምስቱን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። ሁለቱ መንቀጥቀጡን አይተዋል፤ አንደኛው ሲኒው አቃጥሎት መስሎት ነበር። ጠጪ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። «እጅህ አልተንቀጠቀጠም» ብላችሁ እንዳትዋሹ፤ ትምህርቱ ሰው ቢያይም የፈራው ፍርድ አለመምጣቱ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉ አይነካ እያልኩ፣ እኔ ራሴ በአንድ ቡድን ልምምዱን በአራተኛው ሳምንት ጀምሬያለሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ከባድ ዝናብ ጥሎ ግማሾቹ ስላልመጡ ነው። ያመለጣቸውን ትምህርት ሳይሰጡ ማስገባት ደግሞ ልክ አይሆንም ነበር። እንዲህ ያለ ምክንያት ሲኖር አንድ ሳምንት ይገፋ፤ «ገና አልተዘጋጁም» የሚል ስሜት ግን ምክንያት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልተዘጋጀው አወያዩ ነው።

የቤት ሥራውም በዚያው ምሽት ይጀምር። ሰውየው በሳምንቱ ውስጥ ጎረቤት ጠርቶ ቡና እንዲቀዳ፣ ከመቅዳቱ በፊት ግምቱን፣ ከቀዳ በኋላ የሆነውን እንዲጽፍ ተስማማን። ለዚያች ሴት ቢሆን ኖሮ የምሰጣት የቤት ሥራ ከአራት ኪሎ ተሳፍራ ስድስት ኪሎ ላይ «ወራጅ አለ» ብላ መውረድ፣ ረዳቱ ካልሰማም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መድገም ነበር። ረቂቃችሁን በዚህ መልክ አስተካክላችሁ ብትልኩልኝ ሦስተኛውን ሳምንት መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን።