«3+ ይላል፤ ታዲያ ይሄ ማስታወቂያ ከየት መጣ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው የሰባት ዓመት ልጅ ካላቸው ወላጆች ናቸው። በዚህ ዕድሜ ልጁ ማንበብ ጀምሯል፣ ስልክ መነካካትም ለምዷል። ማስታወቂያውን ከጌሙ ለይቶ ማየት ግን ገና ይቸግረዋል።

«ለልጄ ያወረድኩት የመኪና ጌም 3+ ይላል። ግን በየመሃሉ የቁማር ማስታወቂያ ይመጣል። 3+ ማለት ታዲያ ምን ማለት ነው?» (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጌሙ ይዘት ብቻ ነው። ጌሙን የሠራው ድርጅት መጠይቅ ይሞላል፦ ደም አለበት ወይ? ስድብስ? ቁማርስ? በመልሱ መሠረት 3+፣ 7+፣ 12+ ይባላል። ማስታወቂያው ግን በኢንተርኔት በኩል ከሌላ ቦታ ነው የሚገባው። ዛሬ የሳሙና ቢሆን ነገ የቁማር ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ጌሙ ለልጁ ይከብደዋል ወይ የሚለውንም አይነግርሽም። የቼዝ ጌም 3+ ሊባል ይችላል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ግን ቼዝ አይጫወትም።

ስለዚህ ፕሌይ ስቶር ላይ ከቁጥሩ ይልቅ በጌሙ ስም ሥር ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቢ። `Contains ads` ካለ ማስታወቂያ አለው። `In-app purchases` ካለ ውስጡ የሚሸጥ ነገር አለ። ሁለቱም የሌሉበትን ጌም አስቀድሚ።

የመኪናውን ጌም ከማጥፋትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሪ። ዳታውንም ዋይፋዩንም አጥፊና ክፈቺው። ከሠራ ልጅሽ ሁልጊዜ እንደዚያው ይጫወት። ቀድሞ የተጫነ አንድ ሁለት ማስታወቂያ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ይቆማል። ልጁ ብቻውን የሚጫወተው ጌም ሆኖ ያለ ኢንተርኔት አልከፈት ካለ እኔ ብሆን አላቆየውም። ደግሞ አዲስ ጌም ስታወርጂ ራስሽ ጥቂት ደረጃ ተጫወቺ። ብዙ ጌሞች መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ናቸው፤ ማስታወቂያው የሚጀምረው ልጁ ከተመሰጠ በኋላ ነው።

«ካርዴ ከስልኩ ጋር ተያይዟል። ልጄ ሳላውቅ ይገዛ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ።» (አባት፣ ከዱባይ)

ፕሌይ ስቶር ማስተካከያ ውስጥ ገብተው ለእያንዳንዱ ግዢ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ ያድርጉ። የልጁን የጣት አሻራ ስልኩ ላይ አይመዝግቡ። የይለፍ ቃሉንም እሱ እያየ አያስገቡ፤ በዚህ ዕድሜ አራት ቁጥር አንዴ አይቶ መያዝ አያቅተውም።

«ሜሪላንድ ያሉት የአክስቱ ልጆች ሮብሎክስ ይጫወታሉ። እሱም ካልጫንሽልኝ እያለ ያለቅሳል።» (እናት፣ ከሐዋሳ)

ሮብሎክስ አንድ ጌም አይደለም። ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሠሯቸው እጅግ ብዙ ጌሞች የተሰበሰቡበት ቦታ ነው። አንዱ አበባ መትከል ቢሆን ቀጣዩ የሚያስፈራ ሊሆን ይችላል፤ አብረውት የሚጫወቱትም የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ለትንንሽ ልጆች ገደብ አለው። ነገር ግን ገደቡ የሚወሰነው በልጁ ዕድሜ ነው። አካውንቱ ሲከፈት «ቶሎ እንዲያልፍ» ተብሎ የልደት ዘመኑ ከተዋሸ ጥበቃው ከመጀመሪያው ሊላላ ይችላል። የአክስቱ ልጆች አካውንት ላይ ይህን ቢያጣሩ ጥሩ ነው።

የእኔ ሐሳብ፦ በሰባት ዓመቱ ብቻውን አይግባበት። የሚወደው መገንባት ከሆነ ማይንክራፍትን እመርጣለሁ። ይከፈልበታል፤ አውሮፓ ውስጥ ለ7 ዓመት ተፈቅዷል፣ አሜሪካ ግን ከ10 ዓመት ጀምሮ ነው የሚለው። ልዩነቱን የምታጠብቢው አንቺ ነሽ። አዲስ ዓለም ስትከፍቺለት `Creative` እና `Peaceful` የሚሉትን ምረጪ። ጭራቆቹ ይጠፋሉ፣ የሚገነባበት ዕቃም አያልቅበትም። የሌሎች ሰዎች ሰርቨር ላይ ሳይገባ በራሱ ዓለም ይጫወት።

«የሒሳብ ጌም አወረድኩላት። ኮከብ በኮከብ ሆናለች፣ ግን 8 ሲደመር 5 አታውቅም!» (አባት፣ ከባሕር ዳር)

ጌሙን ይክፈቱና ሆን ብለው በተከታታይ የተሳሳተ መልስ ይንኩ። እንደዚያም ሆኖ ኮከብ ከሰጠዎት ልጅዎ የተማረችው መነካካት ነው። ደህና ጌም ስትሳሳት ያቆማታል፣ ቁጥሩን በነጥብ ወይም በጣት ያሳያታል፣ ያንኑ ጥያቄ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ያመጣዋል። ሰዓት እየቆጠረ የሚያጣድፈውንም ይተዉት፤ ገና በጣቷ የምትቆጥር ልጅ ስትጣደፍ መገመት ነው የምትጀምረው።

ለመደመር ግን እኔ ከስልኩ ይልቅ ገበጣን አምናለሁ። ባለ 30 የእንቁላል ካርቶን በአንድ በኩል አምስት፣ በሌላው ስድስት ጉድጓድ አለው። ስድስት ስድስት ያለባቸውን ሁለት ረድፎች ቆርጠው በየጉድጓዱ አራት አራት ሽምብራ ያድርጉ። አጨዋወቱ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ እርስዎ ያደጉበትን ያስተምሯት። ከማንሳቷ በፊት ግን «የመጨረሻዋ ሽምብራ የት ታርፋለች?» ብለው ይጠይቋት። መጀመሪያ በጣቷ ጉድጓድ በጉድጓድ ትቆጥራለች። ከዚያ በዓይኗ መቁጠር ትጀምራለች። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ሲጠራቀም ደግሞ በራሷ ረድፍ የቀሩትን ጉድጓዶች በአንዴ ዘላ ከዚያ ማዶ ያለውን ብቻ መቁጠር ትለምዳለች። 8 ሲደመር 5ንም የምትሠራው እንዲሁ ነው፦ ከአምስቱ ሁለቱን ወስዳ ስምንቱን አሥር ትሞላና የቀረውን ሦስት ትጨምራለች።