የሥራ ማስታወቂያን ከየድረ ገጹ ለቅሞ በቀን አንዴ መላክ፦ ጥያቄና መልስ

በየጠዋቱ የሒሳብና የፋይናንስ ክፍት የሥራ ቦታዎችን ሰብስቦ በቴሌግራም የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም አለኝ። ከጥቂት የአገር ውስጥ የቅጥር ድረ ገጾችና ከቴሌግራም ቻናሎች ነው የሚለቅመው። በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ በግልጽ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በ`BeautifulSoup` ከየ`div` እየፈለፈልኩ ነው የማወጣው። ዲዛይን በቀየሩ ቁጥር ይሰበርብኛል። አንተ እንዴት ነው የምትይዘው?

`div` የመጨረሻ አማራጭ ነው። መጀመሪያ የአንዱን ማስታወቂያ ገጽ ምንጭ ክፈትና `application/ld+json` ብለህ ፈልግ። `JobPosting` የሚል ነገር ካገኘህ ተገላገልክ፤ የሥራው መደብ በ`title`፣ ቀጣሪው በ`hiringOrganization`፣ የመዝጊያው ቀን በ`validThrough` ተለይቶ ተቀምጧል። ይህን የሚያስቀምጡት ጉግል እንዲያነብላቸው ስለሆነ የገጹ መልክ ሲቀየርም ብዙ ጊዜ አይነካም። ከሌለ በአድራሻው መጨረሻ `/feed/` ጨምረህ ሞክር። እሱም ከሌለ በብሮውዘርህ የኔትወርክ መስኮት ውስጥ ዝርዝሩ ከየት እንደሚመጣ እይ፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ጄሰን አለ።

`validThrough`ን ግን ዝም ብለህ አትመን። አንዳንድ ቦታ ሲስተሙ ራሱ ከወጣበት ቀን ላይ 30 ቀን ደምሮ ይሞላዋል። ጽሑፉ ውስጥ ሌላ ቀን ካለ ጽሑፉን ያዝ።

ሌላው፣ መሰበሩን የምታውቀው በኤረር አይደለም። ፕሮግራሙ በሰላም ይጨርሳል፣ ከዚያ ድረ ገጽ የመጣው ግን ባዶ ነው። እኔ ከእያንዳንዱ ቦታ በቀን ስንት እንደመጣ እመዘግባለሁ፤ ሁልጊዜ የሚሰጠኝ ቦታ ድንገት ዜሮ ካለ ለእኔ ብቻ መልእክት ይልክልኛል።

ጥያቄ፦ ድግግሞሹን የማጠፋው ሊንኩን ቁልፍ አድርጌ ነው። አይበቃም እንዴ?

በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ ይበቃል። ያው ማስታወቂያ ሦስት ቦታ ሲወጣ ግን ሦስት ሊንክ ነው ያለው።

ከአባላት አንዱ፦ ምን ያስቸግራል? የማስታወቂያውን ሙሉ ጽሑፍ ሃሽ አድርጉት፣ አለቀ!

ግማሹ ልክ ነው። አንድ ድረ ገጽ ያንኑ ማስታወቂያ በአዲስ ሊንክ ደግሞ ሲለጥፈው ሃሹ ይይዘዋል። በሁለት ድረ ገጾች መካከል ግን አይሠራም፤ አንዱ ከላይ የራሱን መግቢያ ይጨምራል፣ ሌላው ከታች «ቻናላችንን ይቀላቀሉ» ይላል። አንድ ፊደል ከተለየ ሃሹ በሙሉ ይለያል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቁልፉ ምን ይሁን? የድርጅቱ ስም ራሱ በየቦታው በተለያየ መልክ ነው የሚጻፈው።

የድርጅት ስም፣ የሥራ መደብና ቦታ፣ ሦስቱ አንድ ላይ። ግን ከማወዳደርህ በፊት ስሙን ማስተካከል አለብህ። «ፀሐይ ንግድ» የሚባል ድርጅት አለ እንበል። አንዱ ጋ «ፀሐይ ንግድ ኃ/የተ/የግ/ማ»፣ ሌላው ጋ «ጸሀይ ንግድ ኃ.የተ.የግ.ማህበር»፣ ሦስተኛው ጋ `Tsehay Trading PLC` ሆኖ ይመጣል። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽንም አያዋህዳቸውም፤ ራስህ ነህ የምታዋህዳቸው።

```python
import re
T = str.maketrans(
 "ሃሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሠሡሢሣሤሥሦኣዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆ",
 "ሀሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሰሱሲሳሴስሶአአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾ")
END = r"ሀላ?\W*የተ\W*የግ\W*ማ\w*|አ[./]ማ|\bp\.?l\.?c\b"

def company(s):
    s = re.sub(END, " ", s.lower().translate(T))
    return " ".join(re.findall(r"\w+", s))
```

ቅደም ተከተሉን ልብ በል። ፊደሉ መጀመሪያ ይለወጣል፣ ስለዚህ ቅጥያውን የምትፈልገው በ«ኃ» ሳይሆን በ«ሀ» ነው። ነጥቡና ሕዝባሩ የሚወጡት ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ነጥቡን አስቀድመህ አውጥተህ «አማ»ን ብትሰርዝ «አማራ» የሚለው ቃል «ራ» ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ጸሀይ ንግድ» ሆነው ይገናኛሉ። እንግሊዝኛው ግን አይገናኝም፤ ለእሱ ሁለት ዓምድ ያለው ፋይል ይዤ በእጄ ነው የማዛምደው። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን የሚቀጥሩት ድርጅቶች የሚደጋገሙ ስለሆኑ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚጨመረው ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ፕሮግራሚንግ አልችልም። ኤክሴል ላይ እየለጠፍኩ `Remove Duplicates` እላለሁ፣ ግን ምንም አያጠፋልኝም።

እህቴ፣ እሱ የሚያጠፋው በፊደል ፍጹም አንድ የሆነውን ብቻ ነው። አዲስ ዓምድ ክፈችና የድርጅቱን አጭር ስም ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ አስገቢ፣ ከጎኑ መደቡንና ከተማውን አድርጊ። ከዚያ በእነዚህ ሦስት ዓምዶች ብቻ አጥፊ። በቀን ሠላሳ አርባ ማስታወቂያ ከሆነ ፕሮግራም አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንድ ባንክ ለአዳማና ለሐዋሳ ያወጣውን አንድ አድርጎ አንዱን በላው። `token_set_ratio` ከ90 በላይ ከሆነ አንድ ነው ብዬ ነበር።

እሱን ፈንክሽን ለሥራ መደብ አትጠቀምበት። የአንዱ ቃላት በሙሉ በሌላው ውስጥ ካሉ 100 ይሰጥሃል። `Accountant` እና `Senior Accountant` ለእሱ አንድ ናቸው። `token_sort_ratio` ይሻላል፣ እሱም ቢሆን `Accountant I` እና `Accountant II`ን ከ95 በላይ ነው የሚሰጣቸው። ስለዚህ ከነጥቡ በፊት የሚከለክሉ ቃላት አኑር፦ ጀማሪ፣ ከፍተኛ፣ ጁኒየር፣ ሲኒየር፣ የደረጃ ቁጥር። አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ ከሌለ ነጥቡ ምንም ይሁን አታዋህድ።

ቦታውም እንደዚያው ነው። ከተማው ከተለያየ ሁለት ሥራ ነው። ከተማው ካልተጻፈ ደግሞ ሁለቱንም እልካለሁ። አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ያየ አንባቢ ቢበዛ ይነጫነጫል፤ የጠፋበትን ሥራ ግን እንደጠፋበት እንኳ አያውቅም።

«ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ» እና `Junior Accountant` አንድ መሆናቸውን እንዴት እንደማስተምረው ከጠየቃችሁኝ፣ ለሒሳብ መደቦች የቃላት ዝርዝር ሠርቻለሁ። ለሁሉም ሙያ የሚሆን መፍትሔ የለኝም። ያለው ካለ ይጻፍልን።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ በአካውንቲንግ ዲግሪና የሁለት ዓመት ልምድ አለኝ። ሲቪዬን በየት ልላክልህ?

ሰላም ወንድሜ። እኔ ቀጣሪ አይደለሁም፣ ሲቪም አልቀበልም። በየዝርዝሩ ሥር ያለው ሊንክ ወደ ዋናው ማስታወቂያ ይወስድሃል፤ ማመልከቻ የሚላከው እዚያ በተጻፈው አድራሻ ነው። በእኔ ስም ገንዘብ የሚጠይቅህ ካለ አጭበርባሪ ነው።

ጥያቄ፦ ብዙ ማስታወቂያ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ እየተጣለብኝ ነው። ስከፍተው ግን ገና ነው።

ዓመቱን እይ። «20/02/2018» የሚለውን ፕሮግራምህ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 20፣ 2018 አድርጎ ነው ያነበበው፣ ስለዚህ ከዓመታት በፊት የተዘጋ መሰለው። ጥቅምት 20 ቀን 2018 ማለት ነው፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 30፣ 2025። ሁለቱ አቆጣጠሮች በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚራራቁ መለየቱ ቀላል ነው፦ ዓመቱ ከአሁኑ የፈረንጅ ዓመት ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ወደኋላ ከሆነ የእኛ ነው ብለህ ቀይረው።

ከባዱ ቀን ያልተጻፈበት ነው። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለውን ታውቀዋለህ። ወጣ ማለት የት ነው? ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ይታተማል። እሑድ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ጋዜጣ ላይ የወጣን ማስታወቂያ ድረ ገጹ ረቡዕ ጥቅምት 19 ለጠፈው እንበል። ከጋዜጣው ብትቆጥር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይዘህ፣ ዓርብ ጥቅምት 28 ያበቃል። ከድረ ገጹ ብትቆጥር ኅዳር 2 ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ ቅዳሜን የሥራ ቀን የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ጥቅምት 27 አለቀ። በኅዳር 2 ያመነ ሰው ማመልከቻውን ይዞ የተዘጋ በር ላይ ነው የሚደርሰው።

እኔ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ እጠቅሳለሁ፣ ከጎኑ መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን እጽፋለሁ፣ የማስበውን ቀን ሳሰላ ደግሞ ቅዳሜን ጨምሬ አጭሩን እይዛለሁ። የጋዜጣው ቀን ከተገኘ ከእሱ፣ ካልተገኘ «ቀኑን ያረጋግጡ» ይላል።

ጥያቄ፦ ትንሽ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ አለኝ። አስተዋዋቂ የሚከፍለኝ ጎብኚ ስላለኝ ነው። እናንተ ለቅማችሁ ከላካችሁት ማን ይመጣል?

ቅሬታዎ ተገቢ ነው። እኔ መደቡን፣ ድርጅቱን፣ ከተማውንና የመዝጊያ ቀኑን ብቻ ነው የምልከው፤ መስፈርቱንና የማመልከቻ አድራሻውን ማየት የፈለገ ወደ እርስዎ ገጽ ነው የሚመጣው። `robots.txt` የከለከለውን አልነካም፣ በቀን አንዴ ነው የምመጣው፣ በሁለት ገጽ መካከል ጥቂት ሴኮንድ እቆያለሁ፣ `User-Agent` ላይም የማገኝበት ኢሜይል አለ። አትምጣ ካሉኝ አወጣዎታለሁ።

እኚሁ ጠያቂ፦ እሱ መልካም። ግን ሦስቱን አንድ ስታደርግ የሚቀረው የትልቁ ድረ ገጽ ሊንክ ነው። ከአሠሪው ጋር ተነጋግሬ መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ብሆንስ?

እዚህ ላይ ልክ ነዎት። መጀመሪያ ያየሁትን ሊንክ ነው የማስቀረው፣ ግን የምሮጠው በቀን አንዴ ስለሆነ በዚያው ቀን ከወጡት ማን እንደቀደመ አላውቅም። ሁሉንም ሊንክ ልደርድር ብል የቴሌግራም መልእክት በ4096 ፊደል ይቆማል፣ ዝርዝሩም ይረዝማል። ለጊዜው የአሠሪው የራሱ ገጽ ካለ እሱን፣ ከሌለ በየቀኑ እያፈራረቅኩ ነው። ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም።

ጥያቄ፦ የቴሌግራም ቻናሎቹ ብዙዎቹ የጋዜጣ ፎቶ ነው የሚለጥፉት። እሱንስ?

ጽሑፍ ያለውን በ`t.me/s/` ገጽ ታነባለህ፣ አካውንት አይፈልግም። ፎቶውን `tesseract -l amh+eng` ያነብልሃል፤ የድርጅቱን ስም ለመለየት ይበቃል። ቁጥር ላይ ግን ይሳሳታል፣ 3ን 8 ያደርጋል። ስለዚህ ከፎቶ የተነበበ ቀን አላወጣም፤ «ፎቶውን ይመልከቱ» ብዬ ሊንኩን ብቻ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ ዳግም የወጣ ማስታወቂያስ? የእኔ «አይቼዋለሁ» ብሎ ይዘለዋል።

የተቀመጠው የመዝጊያ ቀን ካለፈ በኋላ በዚያው ቁልፍ ከመጣ እንደ አዲስ ቁጠረው፣ «ዳግም የወጣ» በልበት። ሳያልፍ ቀኑ ወደፊት ከተገፋ «ተራዝሟል» ነው። ለዚህ ስትል የድሮ ቁልፎችን አትደምስስ፣ `SQLite` ውስጥ ይቆዩ። ሰዓቱን ለጠየቃችሁኝ፣ ሰርቨሩ በ`UTC` ስለሆነ ክሮኑ `0 3 * * *` ነው፤ እኛ ጋ ከንጋቱ 12 ሰዓት።